የማይክሮ ኢኮኖሚክስ ፋይናል፦ እየሠራህ የምታጠናበት የሁለት ሳምንት ፕላን

ፈተናው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ ጠዋት ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ማታ ሥራ ትገባለህ፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን። ስለዚህ የሚያስተማምኑት ቀኖች ማክሰኞ፣ ሐሙስና እሑድ ብቻ ናቸው። በሥራ ቀን ከመግባትህ በፊት 30 ደቂቃ ይበቃል። ደክሞህ ስትመለስ ደብተር አትግለጥ፣ ተኛ። የመጨረሻውን ዓርብ ፈረቃ ግን ዛሬውኑ ከሥራ ባልደረባህ ጋር ተቀያየር፣ በኋላ እሺ የሚልህ አታገኝም።

አንደኛ ሳምንት

ማክሰኞ፦ ዲማንድ፣ ሰፕላይ፣ ኢላስቲሲቲ። Qd = 100 − 2P እና Qs = 10 + P ብለህ ጀምር። P = 30፣ Q = 40 ይመጣል፤ እዚያ ነጥብ ላይ የዲማንድ ኢላስቲሲቲ −1.5 ነው። አሁን በእያንዳንዱ ዕቃ ሻጩ ላይ 6 ታክስ ጣል። ገዢ የሚከፍለው 32 ይሆናል፣ ሻጭ እጅ የሚገባው 26፣ የሚሸጠው መጠን ደግሞ 36። ታክሱን የሚከፍለው ሻጩ ቢሆንም 2ቱ ገዢው ላይ፣ 4ቱ ሻጩ ላይ አረፈ። ለምን እኩል እንዳልተካፈሉ በራስህ ቃል መጻፍ ካቃተህ ወደ ሐሙስ አትለፍ።

ሐሙስ፦ የሸማች ምርጫ። MUx/Px = MUy/Py የሚለውን በሁለት ጥያቄ ፈትሽና ተወው፣ ብዙ ጊዜ አይፈልግም።

እሑድ፦ ኮስት። ጊዜህን የምታፈስበት እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። MC፣ AVC እና ATCን ሳታይ ሳል፤ MC ሁለቱንም ዝቅተኛ ነጥባቸው ላይ ማቋረጥ አለበት። ካላቋረጠ ሥዕሉ ተሳስቷል፣ ድገመው።

የሥራ ቀኖቹ 30 ደቂቃ ለግራፍ ብቻ ነው፦ ባዶ ወረቀት፣ አንድ ግራፍ፣ ከዚያ ከደብተር ጋር ማስተያየት። በቀለም ማስመር ጥናት አይደለም፣ የማጥናት ስሜት ብቻ ነው የሚሰጥህ።

ሁለተኛ ሳምንት

ማክሰኞ፦ ፍጹም ውድድር። P = MC። ኪሳራ ላይ ያለ ድርጅት ሁሉ ወዲያው አይዘጋም፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚዘጋው ዋጋው ከAVC ዝቅተኛ ነጥብ በታች ሲወርድ ነው። ፈታኞች ይህችን ይወዷታል።

ሐሙስ፦ ሞኖፖሊ። የአንደኛ ሳምንት ማክሰኞዋን ዲማንድ ገልብጠህ P = 50 − 0.5Q አድርጋት። MR = 50 − Q ነው። MC = 10 ከሆነ Q = 40፣ P = 30። ውድድር ቢኖር ኖሮ Q = 80፣ P = 10 ይሆን ነበር፤ በመሀል የጠፋው ጥቅም 400። ዋጋውን ከዲማንዱ ላይ አንብብ እንጂ ከMR ላይ አይደለም!

ዓርብ ማታ፣ ፈረቃው ከተቀየረልህ፦ የድሮ ፈተና፣ ሰዓት ይዘህ፣ ስልክ ሌላ ክፍል።

ቅዳሜ፦ ሥራ ብቻ።

እሑድ፦ ዓርብ የሳትካቸውን ብቻ እንደገና ሥራ። ኤክስተርናሊቲ ላይ አንድ ሰዓት ይበቃል። ከ12 ሰዓት ማታ በኋላ አዲስ ነገር አትንካ፤ ካልኩሌተር፣ ማስመሪያና መታወቂያ ቦርሳህ ውስጥ ይግቡ።