ርዕስ፦ ጋሽ ተስፋዬ፣ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ቃልዎን እንዲያዩልኝ

ይድረስ ለጋሽ ተስፋዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበቱ? እትዬ አልማዝስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ከዚራ ዛፉ ጥላ ሥር ያጠጡን ቡና እስካሁን ከአፌ አልጠፋም። እኔ አዲስ አበባ ከገባሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ብርዱ ድሬን እያስናፈቀኝ ነው።

ቃል እንደገባሁልዎት የጨዋታችንን ማጠቃለያ ልኬያለሁ። ከዚህ ኢሜይል ጋር በአባሪ ተያይዟል፤ ስድስት ገጽ ነው። ሂሩት ፊደሉን ከፍ አድርጋ እንድታትምልዎት ጠይቄያታለሁ። ዓይንዎ እንዳይደክም አንድ ጊዜ ሁሉንም ለመጨረስ አይቸኩሉ። ማታ ማታ ሁለት ሁለት ገጽ ቢያዩት ይበቃል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። በጽሑፉ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቃል አለ። በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለው የእርስዎ ነው፤ ከስልኬ ቅጂ ላይ ቃል በቃል የገለበጥኩት። ከጥቅስ ውጭ ያለው የእኔ ነው፤ ኃላፊነቱም የእኔ ነው። የእርስዎን ቃል በተመለከተ «እንዲህ አላልኩም» ወይም «ብያለሁ፣ ግን እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» ካሉኝ አስተካክላለሁ። በእኔ አተራረክ ውስጥ ደግሞ ስም፣ ዓመተ ምሕረት፣ የሥራ ስያሜ ወይም የቦታ ስም ተሳስቼ ካገኙ በቀይ ያስምሩበት። አቀራረቡ ግን ለእኔና ለአርታኢዬ ቢተውልን ደስ ይለኛል።

ንግግርዎን ብዙ አላስተካከልኩትም። «እና»፣ «ማለት»፣ «ምን ልበልሽ» የሚሉትን ቀንሻለሁ። ሌላው እንዳለ ነው። አርታኢዬ የፈረንሳይኛዎቹን ቃላት ወደ አማርኛ እንድመልሳቸው ጠይቆኝ ነበር። «ሼፍ ደ ጋር» የሚለው «የጣቢያ ኃላፊ» ይሁን አለኝ። እኔ ተከራከርኩ። የድሬ ሰው ፉርጎን ፉርጎ፣ ፍሬንን ፍሬን ብሎ ነው የኖረው፤ አዲስ አበቤውም ለገሃር ሲል «ላ ጋር» እያለ እንደሆነ ላያውቅ ይችላል እንጂ ቃሉ አፉ ውስጥ ነው። እርስዎ በ19 ዓመትዎ ወርክሾፕ ገብተው ከመሣሪያው እኩል የተማሩትን ቋንቋ እኔ ከአፍዎ ላወጣው አልፈልግም። በመጨረሻ ተስማማን፤ ቃሉ ይቀራል፣ ትርጉሙ መጀመሪያ በመጣበት ቦታ ላይ ብቻ አንዴ ይነገራል። እርስዎ ግን ይህ ባይመችዎት የእርስዎ ቃል ይበልጣል።

አሁን በተለይ እንዲያዩልኝ ወደምፈልጋቸው ቦታዎች ልሂድ።

ገጽ 1 ላይ ጽሑፉ የሚጀምረው በዚህ ንግግርዎ ነው፦

«ድሬን የወለዳት ባቡር ነው። ሐረር ሊወጣ አስቦ ተራራው አቃተው። እሱ ሜዳው ላይ ሲቀር ከተማዋ አጠገቡ በቀለች።»

ይህን በጣም ወድጄዋለሁ። ታሪኩንም አገናዝቤያለሁ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 መጨረሻ በፈረንጆቹ ነው፤ በእኛ 1895 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጅቶበታል። እርስዎ ሲያወሩኝ ሁለቱን አቆጣጠር እያቀላቀሉ ስለነበር እኔ ሁሉንም ወደ እኛ አዞርኩት። ስለ ሥራዎ የነገሩኝን ዓመታት ግን በእኛ አቆጣጠር እንደሆኑ አድርጌ ነው የወሰድኩት፦ በ1961 ተቀጠሩ፣ በ1995 ጡረታ ወጡ። ልክ ነኝ?

ገጽ 3 ላይ ችግር አለብኝ። ስለ ጎማ ምርመራ የነገሩኝ ቦታ ነው። ያስታውሱ እንደሆነ፣ ለማሳየት ብለው በማንኪያ ስኒዎቹን መታ መታ አደረጉ። ደህናው ስኒ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ጠርዙ የተሰነጠቀው ግን ድፍን ያለ ነው ድምፁ። ከዚያ መዶሻ ይዘው ከፉርጎ ፉርጎ በሌሊት እንዴት እንደሚሄዱ፣ ፋኖሱን በግራ እጅ መያዝ ለምን እንደሚሻል ነገሩኝ። እትዬ አልማዝ የተሰነጠቀውን ስኒ ከፊታችን ሊያነሱ ሲሉ እርስዎ «ተይው፣ እሱ ነው አስተማሪው» አሉ። ይህንን ሁሉ ጽፌዋለሁ። ጥቅሱ ግን እዚህ ላይ ይጎድላል፦

«ደህናው ጎማ ይዘምራል። የተሰነጠቀው…»

ልክ እዚህ ጋ አንድ ባጃጅ በበሩ አለፈና ቅጂውን ዋጠው። ከአሥር ጊዜ በላይ መልሼ ሰማሁት። አንዴ «ያጉረመርማል» ይመስለኛል፣ አንዴ «ያንጎራጉራል»። ሁለቱ ደግሞ ለየቅል ናቸው። አንዱ የተቆጣ ነው፣ አንዱ የከፋው። እኔ የመሰለኝን መርጬ ልጽፍ አልችልም። ያሉትን ያስታውሱት እንደሆነ ይንገሩኝ። ካላስታወሱ ደግሞ ግድ የለም፤ ድምፁን በራሴ አገላለጽ እጽፈዋለሁ፣ ጥቅሱም «ይዘምራል» ላይ ያበቃል።

ገጽ 4 ላይ አንድ ስህተት የእኔ ነበር። በመጀመሪያው ረቂቅ «ባቡር ነጂ» ብዬዎት ነበር። ቅጂውን ስሰማ ሁለት ጊዜ አርመውኛል፤ «እኔ ነጂ አይደለሁም፣ መካኒክ ነኝ» ብለው። አስተካክያለሁ። ይቅርታ ይደረግልኝ። በሥራው ላይ ለነበረ ሰው ትንሽ ስህተት እንዳልሆነ ይገባኛል።

አሁን ከባዱ ቦታ። ገጽ 5 የአዋሽ አደጋ ነው።

ጋሽ ተስፋዬ፣ ይህን ክፍል ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። የጻፍኩት አጭር ነው። ባቡሩ አዋሽ አካባቢ ድልድዩ ጋ ከሐዲዱ መውጣቱን፣ ከ400 በላይ ሰው ማለቁን፣ እርስዎም ከድሬ ተጠርተው ከሄዱት ሠራተኞች አንዱ መሆንዎን ብቻ ነው የሚያወሳው። ቅጂው ላይ «ጥር 76» ይላሉ። ያገኘኋቸው መዛግብት ጥር 1977 ነው የሚሉት፤ ስለዚህ 1977 ብዬ ጽፌያለሁ። ከዚያ የእርስዎ ቃል ይመጣል፦

«መጀመሪያ ያየሁት ጫማ ነው። የልጅ ጫማ፣ የትልቅ ሰው ጫማ። ከዚያ በኋላ ቀና ብዬ አላየሁም። ወደ ሥራዬ ነው ያቀረቀርኩት።»

ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ይህን ሲነግሩኝ ድምፅዎ እንደተቀየረ፣ ሂሩትም እስከዚያች ቀን ሰምታው እንደማታውቅ አይቻለሁ። በጨዋታ መሀል የወጣ ነገር ታትሞ ሲያዩት ሌላ ስሜት ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ለዚህ ጥቅስ ዝምታዎን እንደ እሺታ አልወስደውም። «ይታተም» የሚል ቃል ከራስዎ አፍ ካልሰማሁ አይታተምም። አይታተም ካሉም ምክንያት አልጠይቅዎትም። ጽሑፉ ያለ እሱም ይቆማል።

ስለ አደጋው መንስኤ የነገሩኝን ደግሞ አላስገባሁትም። አንድ የሥራ ባልደረባዎን በስም ጠቅሰው ነበር፤ ወዲያው ግን «ይህ የሰማሁት ነው፣ ያየሁት አይደለም» አሉኝ። እኔም በሰሚ ሰሚ የሰውን ስም ማንሳት አልፈለግሁም። ሰውየው ቢያርፉም ልጆቻቸው እዚያው ከተማ አሉ። «ይህን ለራስሽ ያዥው» ብለው የነገሩኝ ሌላው ጉዳይም የለበትም። በማስታወሻዬም ላይ ሰርዤዋለሁ።

የቀረው ቀላል ነው። ወርክሾፑ በር ላይ በ1966 የተነሳችሁትን ፎቶ ልንጠቀም አስበናል። ከእርስዎ በስተቀኝ የቆሙት፣ ኮፍያ ያደረጉት ሰው ማን ናቸው? የእርሳቸው ወይም የቤተሰባቸው ፈቃድ ካልተገኘ እርስዎን ብቻ ቆርጠን እናወጣለን። ፎቶው ራሱ ፕላስቲክ ውስጥ ሆኖ ደብተር መሀል ተቀምጧል። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ድሬ የሚመጣ የሥራ ጓደኛዬ በእጁ ያስረክብዎታል።

ስለ አዲሱ ባቡር ያሉትም ገጽ 6 ላይ አለ። «ጥሩ ነው፣ ፈጣን ነው፤ ግን ጣቢያው ከከተማው ወጣ አለ። በእኛ ጊዜ ባቡሩ ሲጮህ ልጆች ከአልጋ ይነሱ ነበር» ያሉት። በ2009 ሲመረቅ እርስዎ በቴሌቪዥን እንዳዩት አድርጌ ጽፌያለሁ። ሂሩት ግን ስትሸኘኝ «አባቴ በአካል ሄዶ ነው ያየው» አለችኝ። የትኛው ነው?

ጊዜን በተመለከተ፣ መጽሔቱ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። እስከ ዓርብ ማታ ድረስ መልስዎን ባገኝ ተረጋግቼ ለማረም ጊዜ ይኖረኛል። መጻፍ አያስፈልግዎትም። በወረቀቱ ዳር ላይ ምልክት ያድርጉና ሂሩት ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፤ ወይም ደግሞ እኔ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ስልክ ልደውልና አብረን አንድ በአንድ እንየው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ድምፅዎንም እሰማለሁ። ሌላ ጉዳይ ካለብዎት ሂሩት የሚመችዎትን ሰዓት ትንገረኝ። እስከ ዓርብ ካልተገናኘን ከአዋሹ ክፍል በቀር ሌላው አሁን ባለበት ሁኔታ ይሄዳል፤ ያላረጋገጥኳቸውን ነገሮች ግን እሰርዛቸዋለሁ።

መጽሔቱ ሲወጣ አምስት ቅጂ እልክልዎታለሁ። ከድምፅ ቅጂውም አንዱን በፍላሽ አድርጌ ለልጆችዎ እንድሰጥ ሂሩት ጠይቃኛለች። እርስዎ ከፈቀዱ ደስ ይለኛል። 1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ነው። ስኒው ሲመታ የሚሰማበት 38ኛው ደቂቃ ላይ ነው።

ለእትዬ አልማዝ አክብሮት የተሞላ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪዎ
ሜሮን

ሂሩትዬ፣ አባትሽ የአዋሹን ገጽ ሲያነቡ ብቻቸውን ባይሆኑ ደስ ይለኛል። ቀድመሽ አንብቢውና አጠገባቸው ቁጭ በይ። አባሪው ስልክሽ ላይ አልከፍት ካለ ንገሪኝ፣ በቴሌግራም እልክልሻለሁ።