እውነት ነው፣ ግን መልሱ አይደለም

ምንባብ

አብዛኛው ነገር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ውሃም እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንደዚያው ነው። ከዚያ በታች ግን መስፋት ይጀምራል። ወደ በረዶ ሲለወጥ ይዘቱ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በረዶ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው በዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ ሐይቅ በረዶ መሥራት የሚጀምረው ከላይ ነው። ላይ የተጋገረው በረዶ እንደ ክዳን ሆኖ ከሥሩ ያለው ውሃ ሙቀቱን ቶሎ ወደ አየር እንዳያጣ ያግዳል። ሐይቁ ጥልቅ ከሆነ 4 ዲግሪ ገደማ የሆነው ውሃ ወደ ታች ይወርዳል። ዓሦችም የብርዱን ወራት እዚያ ያሳልፋሉ።

ጥያቄ (4 ነጥብ)

ሐይቁ ላይ ያለው በረዶ ከሥሩ ያሉትን ዓሦች የሚጠቅማቸው እንዴት ነው?

የተማሪው መልስ

በረዶ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ምክንያቱም ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ይዘቱ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሐይቅ በረዶ መሥራት የሚጀምረው ከላይ ነው። ዓሦች የብርዱን ወራት ከታች ያሳልፋሉ።

ከመልሱ ሥር የተጻፈ የመምህር ማስታወሻ

መጀመሪያ ራይት ልሰጥህ ብዕሬን አንስቼ ነበር። አራቱንም ዓረፍተ ነገር ከምንባቡ ጋር አመሳከርኩ። አንድም ስህተት የለባቸውም። 9 በመቶዋን እንኳ አልረሳሃትም። ምንባቡን በደንብ እንዳነበብከው ያስታውቃል፤ ደስ ብሎኛል።

ከዚያ ጥያቄውን ደግሜ አነበብኩት። «የሚጠቅማቸው እንዴት ነው?» ይላል። አንተ የነገርከኝ በረዶ ለምን እንደሚንሳፈፍ ነው። ያ ሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱን ጠይቄህ ቢሆን 4ቱንም ነጥብ ታገኝ ነበር። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርህ ዓሦችን ስለሚያነሳ መልስ ይመስላል። ነገር ግን የት እንዳሉ ነው የሚናገረው። በረዶው ምን እንዳደረገላቸው አይልም። ዓሦቹ ከታች አሉ፣ በረዶው ከላይ አለ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ነገር የለም።

የጻፍከው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በረዶ ባይንሳፈፍ ኖሮ ላይ የሚቀር ክዳን አይኖርም ነበር። ስለዚህ መንደርደሪያው በእጅህ ነው። ግን ተንደርድረህ ሳትዘል ቆምክ።

0 ከ4 ጽፌያለሁ። እንዲህ በጥንቃቄ የተጻፈ መልስ ላይ ዜሮ ማስፈር ከበደኝ፤ ግን ግማሽ ብሰጥህ ጥያቄውን የመለስከው ይመስልሃል።

አሁን ምንባቡን ዝጋው። ጥያቄውን ብቻ ጮክ ብለህ አንብብ። ከዚያ «በረዶው ዓሦቹን የሚጠቅማቸው» ብለህ ጀምርና ዓረፍተ ነገሩን ራስህ ጨርሰው። በዚያ አጀማመር ስለ 9 በመቶ ልጻፍ ብትል እንኳ ዓረፍተ ነገሩ እሺ አይልህም። ነገ ጠዋት ወረቀቱን አምጣልኝ፤ ነጥቡን አስተካክላለሁ።