ሰኞ ኅዳር 8 እንጠብቅዎታለን

ሰላም ወ/ሪት ሰላማዊት፣

እንኳን ወደ ደብረ ማርቆስ፣ እንኳን ወደ ዩኒየናችን በደህና መጡ። የሂሳብ ክፍላችን ሰው አጥቶ ስለነበር ሥራውን መቀበልዎን ስንሰማ ሁላችንም ደስ አለን።

ሰኞ ጠዋት 2:30 ቢሮ ይድረሱ። ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዘው «ዩኒየን መጋዘን» ካሉ ያደርስዎታል። በር ላይ ጋሽ ይስማው አሉ። ስምዎን ነግሬያቸዋለሁ፤ እኔ ጋ ያመጡዎታል።

ይዘው የሚመጡት የትምህርት ማስረጃ ዋናውንና ኮፒውን፣ መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ የጡረታ መለያ ቁጥር፣ ከቀድሞ መሥሪያ ቤትዎ ክሊራንስና ጉርድ ፎቶ ነው። ከሁሉም በላይ ሰው የሚያጉላላው ግን ዋስትናው ነው። ገንዘብ የሚነካ ሠራተኛ ያለ ዋስ አንቀጥርም። የዋስዎ መሥሪያ ቤት በሚጽፈው ደብዳቤ ላይ የወር ደመወዙ በግልጽ ይጻፍ፤ ፊርማና ክብ ማኅተምም ይኑረው። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ይዞ መጥቶ እንደገና አዲስ አበባ መመለስ ያደክማል። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩልኝ፣ አይቼ እነግርዎታለሁ።

የሙከራ ጊዜው 60 የሥራ ቀን ነው። ለጡረታ ከደመወዝዎ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ እኛ 11 በመቶ እንጨምራለን። ሌላውን ውሉ ላይ ያገኙታል፤ ሳያነቡ እንዳይፈርሙ።

የሚመጡት ጤፍ በሚሰበሰብበት ሰሞን ነው። የመሠረታዊ ማህበራት ሰዎች ቢሮውን ይሞሉታል፣ ስልክም አያርፍም። ሰው ሁሉ ሲሯሯጥ አይተው «አላስቸግራቸው» እንዳይሉ። ግራ የገባዎትን ነገር በዚያው ቀን ይጠይቁ። የተሳሳተ ደረሰኝ ከወር በኋላ ከመፈለግ ዛሬ አንድ ጥያቄ መመለስ ይሻለናል።

የክፍያና የደረሰኝ ነገር ከወ/ሮ እማዋይሽ ጋር ነው፤ ገንዘብ ያዣችን ናቸው፣ የማያውቁት ፋይል የለም። ፒችትሪና ኮምፒውተር ሲያስቸግርዎ ስንታየሁን ይጥሩት። የቅርብ ኃላፊዎ አቶ ደሳለኝ ሰኞ መስክ ላይ ናቸው፣ ማክሰኞ ይገናኛሉ። ምሳ ግቢ ውስጥ እትዬ ጥሩወርቅ ጋ እንበላለን፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው።

ለመጀመሪያው ሳምንት ፔንሲዮን ይዘንልዎታል፣ ክፍያው በእኛ ነው። ቤት ኪራይ ስንታየሁ ያፈላልግልዎታል። ሲያዩ ውሃው በየስንት ቀኑ እንደሚመጣና በርሜል መኖሩን ይጠይቁ፤ ከኪራዩ ዋጋ ባልተናነሰ የሚያስቸግረው እሱ ነው። የማርቆስ ሌሊት ይበርዳል፣ ጃኬትና ጋቢ አይርሱ።

ቅዳሜ በጠዋት ቢነሱ ጥሩ ነው፣ እሑድን ያርፋሉ። ዋዜማውን ግን የመንገዱን ሁኔታ ከእኔ ጋር ያጣሩ። መንገዱ ካላስተማመነ ይቆዩ፤ አንድ ሁለት ቀን ቢዘገዩ ምንም ችግር የለውም፣ ለአቶ ደሳለኝም ነግሬያቸዋለሁ። ባለፈው የደወልኩበት ቁጥር የራሴ ስልክ ነው፣ ማታም ቢሆን ይደውሉ።

መልካም ጉዞ፣
ያለምወርቅ
የሰው ሀብት አስተዳደር