ሁለት መልክ ይዞ ስለመጣው የሳሎን ሴራሚክ

ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጎንደር፣ ማራኪ

ለሴራሚክ መሸጫው ባለቤት፣
አራዳ

ጉዳዩ፦ በአንድ ደረሰኝ የተሸጡልኝ 36 ካርቶን ሴራሚኮች ሁለት ዓይነት ቀለም ሆነው ስለመገኘታቸው

እንደምን ሰነበቱ? ቅዳሜ በስልክ ጀምረነው በመሐል የተቋረጠውን ነገር በጽሑፍ ልጨርሰው ብዬ ነው። ያን ዕለት የሁለታችንም ድምፅ ከፍ ብሎ ነበር። እርስዎ ሱቅዎ ውስጥ ደንበኛ ቆሞብዎት ነበር፤ እኔ ደግሞ የምናገረው እዚያው የተበላሸው ወለል ላይ ቆሜ ነው። ወረቀት ላይ ሁለታችንም ረጋ እንላለን።

ኅዳር 2 ቀን ከእርስዎ ዘንድ 60 በ60 የሆነውን ክሬም የወለል ሴራሚክ 36 ካርቶን ገዛሁ። አንዱ ካርቶን 1,850 ብር፣ በጠቅላላው 66,600 ብር ነው፤ ገንዘቡን በዚያው ቀን በባንክ አስገብቼ ደረሰኝ ተቀብያለሁ። ብዛቱን ያሰላልኝ ሱቅዎ ውስጥ የሚሠራው ልጅ ነው። ሳሎኑ 7 በ5.50፣ ኮሪደሩ 6 በ1.40፣ በቆረጣ ለሚባክነው አሥር ከመቶ ተጨምሮ፣ አንዱ ካርቶን አራት ፍሬ ይዞ 1.44 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን ሠላሳ ስድስት ካርቶን ይበቃል አለኝ። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ ልጁን ያመስግኑልኝ።

ኅዳር 4 ቀን የደረሱኝ ግን 24 ካርቶን ብቻ ናቸው። የቀሩት 12 ከአዲስ አበባ እስኪመጡ ጠብቂ ተባልሁ፤ ጠበቅሁ። የመንገዱን ነገር የማያውቅ የለም፣ ስለ መዘግየቱ አንድ ቃል አልተነፈስሁም፣ አሁንም አልናገርም። ታኅሣሥ 9 ቀን ዕቃው መጣ ብለው ሲደውሉልኝ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቄዎታለሁ፦ «ከፊተኛው ጋር አንድ ነው?» አልሁ። «እታለም፣ ያው ነው፤ ስሙም ቁጥሩም አንድ ነው» አሉኝ። እውነትዎን ነው፣ ስሙም ቁጥሩም አንድ ነው። የተለየው ሦስተኛው ነገር ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ባለሙያው በመጀመሪያዎቹ 24 ካርቶኖች የሳሎኑን አብዛኛውን ክፍል አንጥፎ ጨርሶ ነበር። ዓርብ ታኅሣሥ 11 ቀን አዲሱን ካርቶን ከፍቶ ወደ ኮሪደሩ በር በኩል ቀጠለ። ሲጀምር መሽቷል፣ መብራትም ጠፍቶ ስለነበር በባትሪ ነው የሚሠራው። ቀድሞ የተነጠፈው ወለል ደግሞ የሲሚንቶ አቧራ እንደለበሰ ነው። በዚያ ብርሃን አሥራ ሁለት ፍሬ፣ ማለትም ሦስት ካርቶን አነጠፈ። እኔም ቡና አቅርቤለት አጠገቡ ነበርሁ፤ ሁለታችንም ምንም አላየንም።

ሳሎኔ በምሥራቅ በኩል ትልቅ መስኮት አለው። ቅዳሜ ጠዋት ወለሉን ለመወልወል እርጥብ ጨርቅ ይዤ ገባሁና አንድ ጊዜ ወዲያና ወዲህ እንዳልሁ እጄ ቆመ። ከመስኮቱ ጀምሮ ያለው ወለል ወተት ጠብ የተደረገበት ማር ይመስላል፤ ሞቅ ያለ ነው። ከኮሪደሩ በር ፊት ያሉት አሥራ ሁለቱ ግን አመድ ነካ ያደርጋቸዋል። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ መስመሩ በመቀስ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ይታያል። መጀመሪያ እርጥበቱ ነው ብዬ አደረቅሁት፤ ሲደርቅ ባሰ። ባለቤቴ መነጽሩን ሳያደርግ ከበሩ ቆሞ «ምንጣፍ አነጠፍሽበት እንዴ?» አለኝ። ከዚያ በላይ ምስክር አልፈለግሁም።

ካርቶኖቹን አወጣንና ጎን ለጎን አቆምናቸው። የዕቃው ስም፣ መለያ ቁጥሩ፣ መጠኑና ደረጃው አንድ ነው። ከነዚህ በታች ግን ካርቶኑ ከታተመ በኋላ በማኅተም የተመታ ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ አለ፤ የምርት ዙሩና የቀለሙ ቶን ማለት ነው። በፊተኛዎቹ ካርቶኖች ላይ ቶን 4 ይላል፣ በኋለኞቹ ላይ ቶን 7። ከሁለቱም ካርቶኖች ይህን ጎን በምላጭ ቆርጬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤልዎታለሁ።

እኔ ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው አልነበርሁም፤ በሁለት ቀን ተማርሁት። ሴራሚክ ከሸክላ አፈር ተደባልቆ፣ ላዩ ተቀብቶ፣ በታላቅ እሳት የሚጋገር ነገር ነው። የአፈሩ ድብልቅ ወይም የቀለሙ ልክ ጥቂት ከተለየ፣ የምድጃው ሙቀት ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ መልኩ ይቀየራል። እንጀራ ለሚጋግር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የትናንቱ ቡሆና የዛሬው ቡሆ ከአንድ ጤፍ ተቦክተው በአንድ ምጣድ ላይ ሁለት መልክ ያወጣሉ። ስለዚህ ፋብሪካው አጠፋ አልልም። ፋብሪካው ልዩነት እንደሚኖር ስለሚያውቅ ነው እያንዳንዱን ካርቶን የሚያትመው። ማኅተሙ የተመታው ዕቃውን ለሚያውቅ ነጋዴ ነው፤ ለአንድ ቤት የሚሄደው ዕቃ ከአንድ ቶን እንዲወጣ፣ ካልተገኘም ገዢው አስቀድሞ እንዲያውቅ። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። «ቶኑ ተለውጧል፣ ትወስጂዋለሽ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ብትጠይቁኝ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ።

በስልክ የነገሩኝን ቀልድም ልመልስልዎ። «የፋሲል ግንብ ድንጋይ እንኳን አንድ መልክ የለውም» ብለውኛል። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ደግሞም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በዚያ በኩል አልፌ አየሁት። ደህና አድርገው ይመልከቱት ወንድሜ። ጥቁሩ ድንጋይ ግድግዳው ላይ ነው፤ ቀላ ያለው ደግሞ በበሩና በመስኮቱ ቅስት ዙሪያ ተመርጦ የገባ ነው። ያ ግንበኛ የትኛው ድንጋይ የት እንደሚገባ ያውቅ ነበር። እኔ ሳሎን ውስጥ ያለው መስመር ግን ካርቶን ያለቀበት ቦታ ነው።

ሌላው ያነሡት የደረሰኙ ጀርባ ነው፦ «ከተነጠፈ በኋላ ዕቃ አይመለስም»። አንብቤዋለሁ። ከአሥራ ሁለቱ ካርቶኖች ዘጠኙ እስከ አሁን አልተከፈቱም፤ እነሱን ይህ ጽሑፍ አይመለከታቸውም። የተነጠፉትን አሥራ ሁለት ፍሬዎች በተመለከተ ደግሞ የራሳችንን ድርሻ አልክድም። ባለሙያው ካርቶኖቹን አስተያይቶ መጀመር ነበረበት፣ በባትሪ ብርሃን መሥራትም አልነበረበትም፤ ይህንኑ ነግሬዋለሁ፣ እሱም ለማንሣቱ የእጁን ዋጋ በግማሽ ቀንሷል። እኔ ግን ጠይቄ «ያው ነው» ተብያለሁ። ከሻጭ አፍ የወጣ «ያው ነው» ከደረሰኝ ጀርባ ካለ ጽሑፍ ያንሳል ብዬ አላምንም።

አሁን ወደ መፍትሔው። ከባለሙያው ጋር ቁጭ ብለን ስናሰላው ነገሩ እንደፈራሁት አልከበደም። ሳሎኑን በቶን 4 ለመጨረስ የሚጎድለኝ 5 ካርቶን ብቻ ነው። ኮሪደሩ ከነብክነቱ 7 ካርቶን ይፈልጋል፤ እሱን በቶን 7 ላነጥፈው ፈቃደኛ ነኝ። በመካከላቸው በር አለ፣ በሩ ሥር መለያ ሲገባበት ልዩነቱ ታስቦ የተደረገ ይመስላል፤ የግንቡን ነገር ያነሡት እርስዎ ስለሆኑ ለሐሳቡ አመሰግናለሁ። ስለዚህ ካልተከፈቱት ዘጠኝ ካርቶኖች ሰባቱን አስቀራለሁ። ሁለቱን ከነማሸጊያቸው እመልሳለሁ፣ ከወለሉ የሚነሡት የሦስቱ ካርቶን ፍሬዎች ግን እንደማይተርፉ እናውቃለን። በእነዚህ በአምስቱ ምትክ 5 ካርቶን ቶን 4 እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ። መጋዘንዎ ውስጥ ከሌለ ከእርስዎ የወሰዱ ሌሎች ደንበኞች ዘንድ የተረፈ ይኖር ይሆናል፤ ቤት ሠርቶ ሁለት ሦስት ካርቶን ያላስተረፈ ሰው ጎንደር ውስጥ አላውቅም። ለማምጫውና ለመመለሻው ማጓጓዣ፣ ለማንሻውና ለዳግም ማንጠፊያው፣ ለሲሚንቶውም ጭምር ባለሙያው የጠየቀው 3,000 ብር ነው፤ እሱን እርስዎ ይክፈሉ።

ቶን 4 ጨርሶ ከጠፋ ዘጠኙን ካርቶን መልሼ የአሥራ ሁለቱን ዋጋ 22,200 ብርና ይህንኑ 3,000 ብር እቀበላለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚሻለውን ራሴ እፈልጋለሁ። ሌላ «የሚመሳሰል» እንዲላክልኝ ግን አልፈልግም። ዕቃው ሲመጣ ቶኑን እኔና ባለሙያው በቀን ብርሃን፣ ካርቶኑ ሳይወርድ እናያለን።

ጉድለቱን ያየሁት ታኅሣሥ 12 ቀን ነው፤ በዚያው ቀን በስልክ ነግሬዎታለሁ፣ ዛሬ ደግሞ በጽሑፍ አሳውቄያለሁ። ገዢ ጉድለት ሲያይ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ሕግ ስለሚጠይቅ ነው ቀኖቹን እንዲህ የምቆጥራቸው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘት የሸማቹ መብት መሆኑን ይናገራል። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ብሄድ እዚያ ስጠብቅ የማጠፋውን ቀን ወለሌ ላይ ባጠፋው እመርጣለሁ። ነገር ግን እስከ ታኅሣሥ 24 ቀን መልስ ካላገኘሁ እሄዳለሁ።

የቸኮልሁበትም ምክንያት አለኝ። ጥር 11 ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር ለጥምቀት የሚመጡ እንግዶች አሉብኝ፤ ከፋሲለደስ መዋኛ ሲመለሱ የሚቀመጡት በዚሁ ሳሎን ነው። ባለሙያው ከጥር 3 በኋላ ሌላ ቤት ስለያዘ ያለው ጊዜ ጠባብ ነው። እስከዚያ አሥራ ሁለቱ ፍሬዎች እንዳሉ ይቆያሉ፤ ሳያዩዋቸው አላስነሣቸውም።

እባክዎ መጥተው ይዩት። ልጁን ከመላክ ራስዎ ቢመጡ እመርጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ከመጡ ፀሐይዋ ወደ ጓሮ ስለምትዞር ሁለቱ አንድ መስለው «ታዲያ ምኑ ነው የተለየው?» ይሉኛል፤ ከጠዋቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ይምጡ። ጫማ ማውለቅ አያስፈልግም፤ ወለሉ ገና አቧራ ነው።

አክባሪዎ፣
በደረሰኙ ላይ የተመዘገብሁት የማራኪው ቤት ባለቤት

አባሪ፦ የደረሰኙ ቅጂ፣ የባንክ ማስገቢያው ቅጂ፣ ጠዋት የተነሡ አራት ፎቶግራፎች፣ ከሁለቱ ካርቶኖች የተቆረጡ ባለ ማኅተም ጎኖች