የአክስትሽ ቀን

የኔ ቆንጆ፣

እናትሽ ፊደሉን እንደጨረስሽ ነገረችኝ። ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። «አሁን ማንበብ ትፈልጋለች፤ ግን አጭር አጭር ይሁን» አለችኝ። ስለዚህ የራሴን ቀን ጻፍኩልሽ። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው። «ሁልጊዜ»፣ «ብዙ ጊዜ»፣ «አንዳንዴ»፣ «አልፎ አልፎ»፣ «ከስንት አንዴ» እና «በጭራሽ» የሚሉ ቃላት ስታገኚ ቆም በይ። እያንዳንዳቸውን አስቤባቸው ነው የጻፍኳቸው።

የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ሽሮ ሜዳ። ከላያችን እንጦጦ አለ። ጠዋት ጠዋት ብዙ ጊዜ ይበርዳል። በየቀኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እነሳለሁ። በእናንተ አቆጣጠር 5 ሰዓት መሆኑ ነው፤ እኛ የቀኑን ሰዓት ከፀሐይ መውጣት፣ የሌሊቱን ከፀሐይ መጥለቅ ጀምረን እንቆጥራለን። እኔ ስነሳ ሜሪላንድ ገና ማታ ነው። አንቺ ያን ጊዜ ብዙ ጊዜ ተኝተሻል።

መጀመሪያ ፊቴን እታጠባለሁ። ውሃው ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ነጠላዬን እለብሳለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ። በየቀኑ ግን አልሄድም። እንጀራ በምጋግርበት ቀን በጭራሽ አይመቸኝም። በሌላው ቀን ብዙ ጊዜ እሄዳለሁ። እሁድ ሁልጊዜ እሄዳለሁ።

እንጀራ የምጋግረው በሳምንት ሦስት ቀን ነው፤ ሰኞ፣ ረቡዕ እና ቅዳሜ። ጎረቤቶች ይገዙኛል። አንድ ባለሱቅም ይወስዳል። ሊጡን ሁልጊዜ ከሦስት ቀን በፊት አቦካለሁ። የቅዳሜውን ረቡዕ አቦካለሁ ማለት ነው። የሚጋገርበት ቀን ሲደርስ ከላይ ያቀረረውን ውሃ እደፋለሁ። ከዚያ ትንሽ ሊጥ በፈላ ውሃ ላይ እጨምራለሁ፤ እያማሰልኩ አበስለዋለሁ። እንደ አጥሚት ይወፍራል። ይህ አብሲት ይባላል። አብሲቱን በረድ አድርጌ ወደ ሊጡ እመልሰዋለሁ። ሊጡ ትንሽ ቆይቶ ኩፍ ይላል። አንዳንድ ሰው አብሲት አይጥልም። እኔ ሁልጊዜ እጥላለሁ፤ ያለ አብሲት እንጀራዬ አያምርም።

አሁን ምጣዱን ተመልከቺ። ይግላል። በማሰሻ አስሰዋለሁ። ሊጡን ከዳር እጀምራለሁ፤ እየዞርኩ መሃል ላይ እጨርሳለሁ። ቶሎ ብዬ አልከድነውም። ትንሽ እጠብቃለሁ። ትንንሽ ዓይኖች ብቅ ብቅ ይላሉ። አንድ፣ አምስት፣ ከዚያ መቁጠር አይቻልም። ያን ጊዜ እከድናለሁ። ዳሯ ከምጣዱ ሲነሳ በስላለች። በሰፌድ አወጣታለሁ። የመጀመሪያዋ ብዙ ጊዜ አታምርም፤ ምጣዱ ገና አልተስተካከለም። እሷን እኛው እንበላታለን። ለሰው በጭራሽ አልሸጣትም።

መጨረሻ ላይ የሚቀረው ሊጥ ለትልቅ እንጀራ አይበቃም። በእሱ እንጎቻ እጋግራለሁ። እንጎቻ ትንሽ እንጀራ ናት፤ የልጆች ናት። የጎረቤት ልጆች ሽታውን ያውቁታል። ሁልጊዜ በር ላይ ይቆማሉ። ትኩሷን በበርበሬና በዘይት ቀብቼ እሰጣቸዋለሁ። እናትሽም ልጅ እያለች እዚያው በር ላይ ትቆም ነበር።

አንዳንዴ መብራት ይጠፋል። ያን ቀን በጣም አዝናለሁ፤ ሊጡ አይጠብቀኝም፣ ይኮመጥጣል። በእንጨት እሳት ላይ በሸክላ ምጣድ አልፎ አልፎ ሞክሬ አውቃለሁ፤ ግን ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለዋል።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ቁርስ እበላለሁ። ብዙ ጊዜ ፍርፍር ነው። አንዳንዴ ዳቦ በሻይ እበላለሁ። ሻይ ያለ ስኳር በጭራሽ አልጠጣም። ረቡዕና ዓርብ ሁልጊዜ እጾማለሁ ልልሽ ነበር። ቆይ፣ ልክ አይደለም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ስለዚህ «ብዙ ጊዜ እጾማለሁ» ማለት ይሻላል። አየሽ? «ሁልጊዜ» ከባድ ቃል ነው። አንድም ቀን ከጎደለ ሌላ ቃል ፈልጊ።

በወር አንድ ጊዜ ጤፍ ለመግዛት መርካቶ፣ እህል በረንዳ እሄዳለሁ። በታክሲ ነው የምሄደው። ወያላው ሁልጊዜ ይጮኻል፤ «አለ! አለ!» ይላል። ጤፉን እፍኝ አድርጌ አየዋለሁ። አሸዋ ካለው አልገዛም። ነጋዴው ብዙ ጊዜ ዋጋ አይቀንስም፤ ከስንት አንዴ ይቀንስልኛል። ከዚያ ጤፉን ቤት አመጣለሁ፣ በወንፊት እነፋለሁ፣ ወፍጮ ቤት እወስዳለሁ። ወፍጮ ቤት ሁልጊዜ ወረፋ አለ። ቆሜ አልጠብቅም፤ ጆንያው ላይ እቀመጣለሁ።

ምሳ ከ7 ሰዓት በፊት አልበላም። ብዙ ጊዜ ሽሮ ነው። ሽሮ አይሰለቸኝም።

9 ሰዓት ላይ ቡና አለ። ቡና ብቻዬን በጭራሽ አልጠጣም። አንድ ቀን እኔ አፈላለሁ፣ አንድ ቀን ጎረቤቴ ታፈላለች። የኔ ተራ ሲሆን ቡናውን እቆላለሁ፣ ጭሱን ለሁሉም አሸታለሁ፣ እወቅጣለሁ። ጎረቤቶቼ ሸማኔዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሲሸምኑ ይውላሉ። ቡና ሲጠሩ ግን ሥራቸውን ትተው ይመጣሉ። አቦል ላይ ሁሉም ይኖራል። ቶና ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ይነሳል። በረካ ድረስ የሚቆየው ሥራ የሌለው ነው። እኔ ግን ቆይቼ መጠጣት እወዳለሁ። ስለ አንቺም የምናወራው በረካ ላይ ነው። «ልጅቷ አማርኛ ታነባለች?» ይሉኛል። አሁን መልስ አለኝ።

ማታ 12 ሰዓት ላይ በር እዘጋለሁ። ራት ቀለል ያለ ነው። አንዳንዴ ዜና አያለሁ፤ አንዳንዴ ሬዲዮ እሰማለሁ። 3 ሰዓት ላይ ብዙ ጊዜ እተኛለሁ። ሊጥ የማቦካበት ቀን ከሆነ ግን አመሻለሁ። ዱቄቱን በእጄ ነው የማሸው። በማሽን በጭራሽ አላቦካም፤ እጄ ሊጡ ሲበቃው ያውቃል።

ቅዳሜ ማታ ልብስ እተኩሳለሁ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እመለሳለሁ፣ ዶሮ አልፎ አልፎ እሠራለሁ፤ ዶሮ ውድ ነው። ከዚያ 12 ሰዓት ማታ ላይ ለእናትሽ እደውላለሁ። እናንተ ዘንድ ያን ጊዜ ረፋድ ነው። ይህን ደግሞ ሁልጊዜ አደርገዋለሁ፤ አንድም እሁድ አልጎደለም።

አሁን ተራው የአንቺ ነው። ጠዋት ስንት ሰዓት ትነሻለሽ? ቁርስ ብዙ ጊዜ ምን ትበያለሽ? ትምህርት ቤት በአውቶቡስ ትሄጃለሽ ወይስ እናትሽ ታደርስሻለች? እንጀራ ሁልጊዜ ትበያለሽ ወይስ አንዳንዴ? በጭራሽ የማትበይው ምግብ አለ? አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ሁልጊዜ»ን አንድ ጊዜ፣ «በጭራሽ»ን አንድ ጊዜ አስገቢ። ስለ ራስሽ ስትጽፊ «በጭራሽ» ካልሽ ግሡ «አል» ብሎ ይጀምራል፣ በ«ም» ያልቃል፤ «አልበላም»፣ «አልጠጣም»። እንዳትረሺው።

እሁድ ስደውል ስልኩን አንቺ አንሺ። እናትሽ ጎን ሆና ትስማ፤ አንቺ አንብቢልኝ።

አክስትሽ