ለጋሽ ታደሰ የጡረታ ሽኝት የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊዎችና ባልደረቦች፣ የጋሽ ታደሰ ባለቤትና ልጆች፣ ሥራችሁን ለተረኛ አስረክባችሁ ከየሳይቱ የመጣችሁ ፎርማኖች፣ ፌራዮዎችና አናፂዎች፤ እንደምን አመሻችሁ!

ጋሽ ታደሰ ከአዳራሹ በር ላይ ሲያገኙኝ «አደራ፣ እንዳታስረዝሚው» ብለውኛል። አደራቸውን ለመጠበቅ እሞክራለሁ።

በዚህ ድርጅት 31 ዓመት አገልግለዋል። ሳይት መሐንዲስ ሆነው ገብተው የስትራክቸር ክፍል ኃላፊ ሆነው ነው የሚወጡት። በመካከሉ ያለውን የሹመትና የፕሮጀክት ዝርዝር የሰው ኃይል ክፍላችን ቀደም ሲል አንብቦልናል፤ እኔ አልደግመውም። በእጃቸው ያደግን መሐንዲሶች ሁሉ የምናውቀውን፣ በየትኛውም የግል ማኅደር ውስጥ ያልተጻፈውን ጋሽ ታደሰን ነው ማንሳት የምፈልገው።

አንድ ሕንፃ ሲመረቅ ሰው የሚያየው ቀለሙን፣ መስታወቱን፣ የደረጃውን እብነ በረድ ነው። ሕንፃውን የያዘው ፌሮ ግን አርማታው ከተሞላበት ቀን ጀምሮ ከዓይን ተሰውሯል። ተገቢ ቦታው ላይ ይሁን አይሁን ማንም ከፍቶ አያይም። ጋሽ ታደሰ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት እዚያ ነው፤ ሊሸፈን ጥቂት ሰዓት የቀረው ነገር ላይ።

በረንዳ ሲሞላ አብሯቸው የቆመ ሰው ይህን በደንብ ያውቃል። በረንዳ የተያዘው በአንድ ጎኑ ብቻ ስለሆነ ጭነት ሲያርፍበት ከላይ በኩል ይለጠጣል። አርማታ ደግሞ መጨመቅን እንጂ መለጠጥን አይችልም፤ ስለዚህ ዋናው ፌሮ ከላይ መቀመጥ አለበት። በሙሌት ቀን ግን ጋሪ የሚገፋውም፣ ቫይብሬተር የሚይዘውም፣ የሚያስተካክለውም የሚረግጠው እሱኑ ነው። ፌሮው ቀስ እያለ ይወርዳል፣ አርማታው ላዩ ላይ ይፈስሳል፣ ነገሩም ተዳፍኖ ይቀራል። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው በረንዳ ላይ የላዩ ፌሮ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል፣ ከመሸከም አቅሙ ከሲሶው በላይ ይሄዳል። ከታች ቆሞ ለሚያየው ሰው ግን በረንዳው ያው በረንዳ ነው።

እናም ጋሽ ታደሰ ሙሌቱ እየተካሄደ ካሳማታው ላይ ይንበረከካሉ። ሜትራቸውን በሁለቱ ፌሮዎች መሃል እስከ ጣውላው ያወርዱና አውራ ጣታቸውን ቁጥሩ ላይ ይጫናሉ። ከዚያ ቀና ብለው አጠገባቸው ያለውን ሰው «ስንት ይላል? አንብብልኝ» ይሉታል። ቁጥሩ ሳይታያቸው ቀርቶ አይደለም። ያ ሰው፣ ጋሪ ገፊም ይሁን ፌራዮ፣ ቁጥሩን በራሱ አፍ እንዲናገረው ስለሚፈልጉ ነው። ጎድሎ ከተገኘ «እናንሳው» ይላሉ፤ «አንሱት» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። አብረው ያነሳሉ፣ መደገፊያው ከሥሩ ይገባል፣ ሥራው ይቀጥላል። ይህን ሲያደርጉ የኃላፊነት ወንበር ላይ ከተቀመጡ ቆይተዋል። ማንም አላስገደዳቸውም።

ስለ ውሃም ልናገር። ሲሚንቶ የቀላቀለ ሰው ሁሉ ፈተናውን ያውቀዋል፤ አርማታው ሲደርቅበትና አልዘረጋም ሲለው እጁ ወደ ውሃው ባልዲ ይሄዳል። ዳፍ አብራምስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1918 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ውሃው ከሲሚንቶው አንጻር በበዛ ቁጥር አርማታው ይደክማል። ይህን እኛ ተማሪ ቤት ተምረነዋል። ሚክሰር ላይ የሚሠራው ሰው ግን ማን ያስተምረው? አብዛኛው ተቆጣጣሪ የሚያውቀው መቆጣት ነው። ጋሽ ታደሰ አንድ ጊዜ የሚክሰር ሠራተኛውን ይዘውት ላቦራቶሪ ሄዱ። በትክክለኛው መጠን የተቀላቀለና ውሃ የተጨመረበት ኪዩብ፣ ሁለቱም 28 ቀን የሞላቸው፣ በፊቱ ማሽን ውስጥ ገቡ። የመጀመሪያው ብዙ ታግሦ ነው የተሰበረው፤ ሁለተኛው ገና መርፌው ትንሽ ሲሄድ ተፈረካከሰ። ጋሽ ታደሰ ምንም ንግግር አላደረጉም፣ ቁርጥራጩን አንስተው እጁ ላይ አስቀመጡለት እንጂ። ያ ሠራተኛ ዛሬ ፎርማን ነው። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል፤ አዲስ የሚመጡትን ልጆችም በየጊዜው ላቦራቶሪ ይዟቸው ይሄዳል።

አሁን ደግሞ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠውን ልናገር፤ ጋሽ ታደሰ ደስ እንደማይላቸው እያወቅሁ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ትልቅ ሕንፃ ላይ ተመድቤ ነበር። አመሻሽ ላይ የኮለን ሙሌት ተዘጋጅቶ፣ የአርማታ መኪኖቹ በር ላይ ተሰልፈው ሳለ፣ ኮለኑ ከቢሙ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ያሉትን ስታፋዎች ቆጠርኩ። ፕላኑ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ይላል፤ የታሰረው በየ20 ነው። ያ ቦታ ሕንፃ በመሬት መንቀጥቀጥ ሲናጥ በጣም የሚፈተን ቦታ ነው፤ ስታፋው እዚያ የሚጠብበትም ምክንያት ይኸው ነው። አልፈርምም አልኩ። የተቋራጩ ሰዎች ከበቡኝ። በዕድሜ ሁሉም ይበልጡኛል፣ ድምፃቸውም ይበልጣል። «አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ይህን ሁሉ መኪና ልትመልሺ ነው?» ይሉኛል።

ጋሽ ታደሰ ደውዬላቸው መጡ። ማንንም አላናገሩም። መሰላሉን ወጡ፣ ስታፋዎቹን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ፣ ወረዱ። ከዚያ ሁሉም እየሰማ፣ «እሷ ካልፈረመች እኔም አልፈርምም» አሉ። ይኸው ነው፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም። መኪኖቹ ተመለሱ። በማግስቱ ከየአቅጣጫው የመጣውን ቁጣና የስልክ ጥሪ ሁሉ ራሳቸው ተቀበሉት፤ አንዱንም ወደ እኔ አላሳለፉም። ለጠየቃቸው ሁሉ የሰጡት መልስም «ያስቆምኩት እኔ ነኝ» የሚል ነበር። ስታፋው ተጠጋግቶ ታሰረ፣ ኮለኑም ተሞላ።

ጋሽ ታደሰ፣ የዚያን ቀን እንደ ብዙ ሰው «ተይው፣ ለዛሬ ይለፍ» ብለውኝ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ዛሬ ምን ዓይነት መሐንዲስ እሆን እንደነበር አላውቅም። ይህን ነግሬዎት አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ።

ከእኔ በኋላ የመጡት ደግሞ ሌላ ትዝታ አላቸው። ከኮምፒውተር የወጣ የስሌት ክምር ይዞ የሚገባ ወጣት ሁሉ የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጭነቱ ወዴት ነው የሚሄደው? በጣትህ አሳየኝ።» ከዚያ እርሳስ ያነሳሉ፣ ከወረቀቱ ጥግ ላይ wL²/8 ብለው ይጽፋሉ፣ የቢሙን ርዝመትና ጭነት ያስገባሉ። ኮምፒውተሩ ያወጣው ቁጥር ከዚያ በጣም ከራቀ፣ ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ወረቀቱ ከጠረጴዛው አይነሳም። ጋሽ ታደሰ ኮምፒውተር አይጠሉም፤ እንዲያውም ከብዙዎቻችን ቀድመው የተማሩ እሳቸው ናቸው። የማይወዱት መሐንዲስ የራሱን ቁጥር ሳያውቀው ሲፈርም ነው።

ወደ ባለቤታቸውና ወደ ልጆቻቸው ልዙር። የሶሌታ ሙሌት ከተጀመረ እንደ ልብ በመሃል አይቋረጥም፤ የፈሰሰው ከጠነከረ በኋላ አዲሱ ቢጨመርበት ሁለቱ እንደ አንድ ሆነው አይያያዙም። ስለዚህ ጋሽ ታደሰ «ዛሬ ሙሌት አለ» ሲሉ እናንተ ቤት ምን ማለት እንደነበር እናውቃለን። እራት ሳይበላ የቀረበት፣ ልጆቹ አባታቸውን ሳያዩ የተኙበት ሌሊት ብዙ ነው። እሳቸው እኛ ዘንድ በነበሩበት ሰዓት ሁሉ እናንተ ዘንድ አልነበሩም። ይህን ለመመለስ አቅም የለንም፤ ግን አይተነዋል፣ ስለ ሁሉም ከልብ እናመሰግናችኋለን።

ጋሽ ታደሰ፣ ቢሮዎን ስናስተካክል ያገኘነውን ነገር ልንገርዎት። ከሙሌት በፊት የሚታዩትን ነገሮች በእጅዎ የጻፉባትን አንዲት ገጽ አገኘናት፤ ጠርዟ ተበልቷል፣ የሲሚንቶ ጣት አሻራም አለባት። የፌሮው ብዛት፣ መደራረቢያው፣ ከካሳማታው ያለው ርቀት፣ የድጋፎቹ ጥንካሬ፣ ከውስጥ የቀረ ቁርጥራጭ እንጨት መኖር አለመኖሩ። ክፍላችን ተስማምቶ እንደ ጽሑፍዎ አባዝተናታል። ከሰኞ ጀምሮ በየሳይቱ ፊርማ የሚደረገው እሷ ላይ ነው። ከመጨረሻው መስመር ላይ «የሞሉትን ሰዎች አመስግን» ብለው ጽፈዋል፤ እሷንም አላወጣናትም።

ከአሁን በኋላ ስንደውልልዎት ሁልጊዜ ለሥራ አይሆንም። ጤናዎን ለመጠየቅ፣ የልጅ ልጆችዎን ወሬ ለመስማት፣ እንዲሁ ድምፅዎን ለመስማትም እንደውላለን። አንዳንዴ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሆነ ፕላን ፊት ለፊታችን ተዘርግቶ ይሆናል። ያኔም ስልኩን ያንሱልን።

ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ያቆዩትን መንገድ፣ ያቆዩትን እንቅልፍ፣ ያቆዩትን ወዳጅ ሁሉ አሁን ይድረሱበት።

ሁሉም ሠራተኛ አዋጥቶ የገዛው ስጦታ ይኸው። ካሜራ ነው። የሚሸፈን ፌሮ ሁሉ ሳይነሳ እንዳይቀር ሲሉ ሥራ ላይ የኖሩ ሰው ነዎት፤ በዚህኛው ደስ ያለዎትን ያንሱበት። የሚያስረክብልን ያ ላቦራቶሪ የሄደው ፎርማናችን ነው። ጋሽ ታደሰ፣ እባክዎ ወደዚህ ይምጡልን፤ እናንተም ተነሱና በጭብጨባ እንቀበላቸው።