ጉዳዩ፦ የፊርማ ውክልና ስለመስጠት

ቀን፦ ጥር 30/2017 ዓ.ም

ለወ/ሮ ሰናይት፣ ም/ሥራ አስኪያጅ

ሰኒ እንደምን አለሽ፣ ከየካቲት 3 እስከ 21/2017 የዓመት ፈቃድ ላይ ስለምሆን በነዚህ ቀናት ወጪ ደብዳቤ፣ የግዢ መጠየቂያ፣ የስቶር ማውጫና የሠራተኛ ፈቃድ በኔ ቦታ እንድትፈርሚ ወክዬሻለሁ። ክፍያ እስከ 50,000 ብር ብቻ፣ ከዛ በላይ ከሆነ ግን ደውይልኝ። ቅጥር፣ ስንብትና አዲስ ውል ውክልናው ውስጥ የሉም፣ ቼክም ባንክ ያለው ፊርማ የኔ ስለሆነ እኔው እስክመጣ ይቆይ።

ስትፈርሚ በራስሽ ስምና ፊርማ «ስለ ሥራ አስኪያጁ» ብለሽ ይሁን፣ የኔ ቲተር እንዳይመታ አደራ። ባዶ ወረቀት ላይ ማህተም ማንም ቢለምንሽ እንዳታደርጊ፣ ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ውክልናው የካቲት 21 ማታ ያበቃል።

ዳዊት
ሥራ አስኪያጅ

ግልባጭ፦ ለፋይናንስ፣ ለሰው ሀብትና ለመዝገብ ቤት